የማሽኑ 180 ሺህ ብር

ፋይናንስ ክፍል አብራን የምትሰራ ልጅ አለች፣ ዕቁቧ ሊደርሳት ሲል ሁሌ አንድ የቢዝነስ ሃሳብ ይመጣላታል። ባለፈው ሁዳዴ የመጣላት የለውዝ ቅቤ ነበር። ለውዙ ከባቢሌ የሚያመጣላት ሰው አግኝታለች፣ መፍጫ ማሽኑን 180 ሺህ ብር ተነጋግራለች፣ ስቲከር ሁሉ አስነድፋለች። የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ንፁህ የለውዝ ቅቤ ባመጣ ትገዛላችሁ?" ብላ ፃፈች፣ ከሰላሳ ሰው በላይ አውራ ጣቱን ደረደረላት፣ በቃ ነገ ማሽኑን ልትገዛ ሆነ።

ንብረት ክፍል ያሉ አንድ ጋሼ አሉ፣ ነጋዴ ቤት ያደጉ ናቸው፣ "ልጄ አውራ ጣት ባንክ አይመነዘርም፣ ቀብድ ተቀበይ" አሏት። ሳቅን፣ እሷ ግን አደረገችው። ግማሽ ኪሎው 300 ብር፣ ቀብድ 150 በቴሌብር፣ አርብ ትረከባላችሁ ብላ ለጠፈች። ብር የላኩት 11 ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ወይ ደሞዝ ይውጣ ወይ ዝም። ዋጋ የሚጠይቀውና "ስኳር አለው?" የሚለው እንኳን ከከፈሉት ውስጥ ነበር፣ ዝም ብሎ አውራ ጣት ያስቀመጠው ምንም አልጠየቀም።

ማሽን ስለሌላት ለውዙን ቤቷ ቆልታ፣ ልጣ፣ የሻገተና የጠቆረውን ለቅማ (ይሄን ለቀማ የሚዘል ሰው የለውዝ ቅቤ ባይሸጥ ይሻላል፣ ሻጋታው መርዝ አለው) የለውዝ ማሽን ያለው ሰው ጋ በኪሎ 25 ብር አስፈጨች። በርበሬ የሚፈጭበት ቤት አይሆንም፣ ሽታው አይለቅም።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ፣ እሷም ደስ አላት። እኔ ግን ልቤ አልሞላም ነበር፣ ምክንያቱም የቢሮ ሰው በይሉኝታ ይገዛል፣ ጎንህ ተቀምጣ ስታይህ 300 ብር ከመክፈል እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ሳትለጥፍ ሳታስታውስ ቁጭ በይ አልኳት። ራሳቸው ጠይቀው የደገሙት 4 ናቸው። አንዷ ደሞ "ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ ተበላሽቷል" ብላ መለሰችላት፣ የሱቁ ዘይቱ ስለማይለያይ የእውነተኛው ባህሪ ብልሽት መስሏት ነው፣ ከዛ በኋላ ክዳኑ ላይ "አማስለው ይጠቀሙ" የሚል ተለጠፈ።

ከዛ ሱቆች ጋ ሄደች። ሁሉም ወደዱት። ሁሉም ያሉት ግን አንድ ነው፣ "እህቴ አስቀምጪው፣ ሲሸጥ ብርሽን ትወስጃለሽ"። እሷ ይሄን እንደ ትዕዛዝ ቆጥራ ደብተሯ ላይ 40 ዕቃ ፅፋ መጣች። ባለሱቁ ግን ከኪሱ ምንም አላወጣም፣ ባይሸጥም የምትከስረው እሷ ናት። ሁለት ሁለት ፍሬ ብቻ በካሽ፣ ትንሽ ቀንሼላችሁ ስትል አንድ ሱቅ ብቻ ገዛት።

ዋናው ነገር የታየው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው። 55 ቀን ሙሉ ፆም ስለሆነ የለውዝ ቅቤ ዳቦ ላይ መቀባት ያምራል፣ እንቁላሉና ቅቤው ሲመጣ ግን ቢሮ ውስጥ ከደገሙት 4 ሰዎች የቀረችው አንዷ ናት፣ እሷም ልጆቿ ስለለመዱት ነው። በፆም ሽያጭ ብቻ ማሽን ቢገዛ ኖሮ አስቡት።

ሽያጩ ያልቀነሰው ያልጠበቀችው ቦታ ነበር። ሰፈሯ ያለ አንድ ጁስ ቤት ከሙዝ ጋር ይመታዋል፣ ፆም ሆነ ፍስክ አይለይም፣ ጂም የሚሰሩ ልጆች ናቸው የሚጠጡት። በሳምንት 15 ኪሎ፣ በባልዲ፣ ሲረከብ ይከፍላል። ስቲከር አይፈልግ፣ ክዳኑ ያምር አያምር ግድ የለው።

በዚህ ጊዜ "እንግዲህ ቋሚ ደንበኛ አገኘሁ ማሽኑን ልግዛ" አለች። ኤክሴል ከፈትን። እሷ ስታሰላ ከኪሎ የምታተርፈውን በሙሉ የማሽኑ ትርፍ አድርጋ ነበር፣ ግን ያንን ትርፍ አሁንም ያለ ማሽን እያገኘችው ነው። ማሽኑ የሚያተርፍላት የማስፈጫውን 25 ብር ብቻ ነው። 15 ኪሎ በሳምንት ማለት 375 ብር፣ በዓመት 19,500። መብራቱንና ጥገናውን ትተነው እንኳን 180 ሺውን ለመመለስ ከ9 ዓመት በላይ ይፈጃል። በአንድ ዓመት እንዲመለስ ከተፈለገ በሳምንት ወደ 140 ኪሎ መሸጥ አለባት፣ ያ ማለት እንደዚህ አይነት 9 ጁስ ቤት። ኤክሴሉን ዘግታ "ዘጠኝ?" ብላ ቆየች።

ዕቁቡ ደረሳት፣ ባንክ ነው ያለው። ለውዟን እስካሁን እዛው በ25 ብር ታስፈጫለች፣ ቦሌ አካባቢ ሁለት ጁስ ቤት ጨምራለች፣ ሦስተኛው በወር መጨረሻ ልክፈልሽ ብሏት ትታዋለች። ማሽን ሻጩ እስካሁን ይደውልላታል፣ ዋጋም እየቀነሰ ነው አሉ።