ያልዘገየሁበት ቅጣት እና የማይቀንሰው ወለድ

ከሸዋሮቢት ሽንኩርት እያወጣሁ ደብረ ብርሃን ላይ እሸጣለሁ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለሥራ ማስኬጃ ከአንድ አበዳሪ ተቋም 120,000 ብር ተበደርኩ፤ በ24 ወር የሚመለስ፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ። ከጥቅምት ጀምሮ ወር በገባ በ10 ወይም ቀደም ብዬ 6,800 ብር ስከፍል ቆየሁ። አንድም ወር አላለፈኝም። የመጋቢትን ከከፈልኩ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን «2,850 ብር ውዝፍ አለብዎ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ በዚያው ቀን ዋስ ለሆነኝ አማቼም ተደወለለት። ለእኔ መደወል አንድ ነገር ነው። ለእኔ ብሎ ቤቱን ያስያዘ ሰው ሳያጠፋ ሲደነግጥ ማየት ግን ሌላ ነው።

ቅርንጫፉ ሄጄ ብድር ክፍል ያለውን ልጅ ጠየቅኩት። ትሑት ልጅ ነው፤ «እትዬ፣ ሲስተሙ ያሰላው ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ሲስተሙ የሚያሰላው ውላችንን ይዞ ከሆነ ውሉን አውጣና አብረን እንየው» አልኩት። በዚያን ቀን አልታየም። የጠቀመኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው፤ «ውዝፉን ሰርዙልኝ» ብዬ ከመከራከር ይልቅ በጽሑፍ ዝርዝር ጠየቅኩ።

«ዝርዝር ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ የምታገኙት ያስገባችሁትን ብርና ቀሪውን የሚያሳይ አንድ ገጽ ነው። እሱ ምንም አያስረዳም። እኔ ማመልከቻው ላይ ያሰፈርኩት ይህን ነው፦ «ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ የከፈልኩት ገንዘብ ለዋናው ብድር፣ ለወለድ፣ ለቅጣትና ለሌላ ክፍያ በየስንት እንደተከፋፈለ፣ ክፍያው የሚጠበቅበትና የተመዘገበበት ቀን ጎን ለጎን ተጽፎ፣ ወለዱና ቅጣቱ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደታሰበና መሠረት የሆነው የውል አንቀጽ ተጠቅሶ እንዲሰጠኝ።» ሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱን መዝገብ ቤት ሰጠሁ፤ በእጄ በቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደረግኩ። ግልባጩን ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ያለ ገቢ ቁጥር የገባ ማመልከቻ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል መልስ የለውም።

ዝርዝሩ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት የወለዱን ዓምድ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በየወሩ 1,800፣ 1,800፣ 1,800 ይላል። ውሌ ግን ወለዱ «በቀሪ ብድር ላይ» ይታሰባል ነው የሚለው። 18 በመቶ በዓመት ማለት በወር 1.5 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ወር ቀሪ 120,000 ስለሆነ 1,800 ትክክል ነው። 5,000 ብር ከዋናው ከተከፈለ በኋላ ግን ቀሪው 115,000 ይሆናል፤ የሁለተኛው ወር ወለድ 1,725። ሦስተኛው 1,650። በየወሩ 75 ብር እየወረደ መሄድ አለበት። የማይወርድ ከሆነ ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው፤ እነሱ «ፍላት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ፍላት አሠራር በራሱ ስህተት አይደለም፤ ውሉ እንደዚያ የሚል ቢሆን ኖሮ ክርክር አልነበረኝም። በስድስት ወር ውስጥ ልዩነቱ 1,125 ብር ብቻ ስለሆነ ዓይን ውስጥ አይገባም። እስከ 24ኛው ወር ቢዘልቅ ግን በአንዱ አሠራር ጠቅላላ ወለዱ 22,500 ብር፣ በሌላው 43,200 ብር ነው።

ቀጥሎ ወደ ቅጣቱ ሄድኩ። ይህን ለማግኘት ቀኖቹን በጣቴ እየተከተልኩ ማየት ነበረብኝ። ውሉ «በየወሩ በ10» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ነው። የእነሱ ሲስተም የሚሠራው ግን በፈረንጅ ቀን ሲሆን መክፈያዬ በየወሩ በ18 ተብሎ ገብቷል። ጥር 10 ጃንዋሪ 18 ላይ ይውላል፤ ይገጥማል። መጋቢት 10 ግን ማርች 19 ነው። ሌላውን ወር ቀደም ብዬ ስለከፈልኩ አልታየም፤ በመጋቢት በራሱ በ10 ቀን ስከፍል ሲስተሙ አንድ ቀን ያሳለፍኩ አድርጎ ቆጠረኝ። ደረሰኜ ላይ ግን መጋቢት 10 የሚል የገንዘብ ተቀባዩ ማህተም አለ።

በዚህ ላይ ቅጣቱ የታሰበበት ገንዘብ ራሱ የተሳሳተ ነበር። ውሉ «ጊዜው ባለፈበት ክፍያ ላይ 3 በመቶ» ይላል። ዘግይቼ ቢሆን እንኳ ጊዜው የሚያልፍበት የአንድ ወር ክፍያ ነው፤ 5,000 ዋና እና 1,425 ወለድ፣ በድምሩ 6,425። የዚህ 3 በመቶ 193 ብር አይሞላም። እነሱ ያሰቡት ግን በጠቅላላው ቀሪ ብድር፣ በ95,000 ላይ ነው፤ 2,850 የመጣው ከዚያ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቅጣቱ እንዴት ውዝፍ እንደሆነ ነው። ገንዘብ ሲገባ ሲስተሙ መጀመሪያ ቅጣትን፣ ቀጥሎ ወለድን፣ የተረፈውን ለዋናው ብድር ይወስዳል። ከመጋቢቱ 6,800 ብር ላይ 2,850 ለቅጣት፣ 1,800 ለወለድ ሄደ፤ ለዋናው የቀረው 2,150 ብቻ ነው። 5,000 ይጠበቅ ስለነበር የጎደለው 2,850 «ውዝፍ» ተባለ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ የሚያዝያን 6,800 ብር ብከፍል ኖሮ፣ ብሩ መጀመሪያ ይህን ጉድለት ይሸፍንና የሚያዝያው በተራው ይጎድላል፤ ሌላ ቅጣት ይወልዳል። በየወሩ በቀኑ እየከፈሉ ዕዳቸው አልቀንስ ያላቸው ሰዎች ዝርዝራቸው ላይ መጀመሪያ ይህን ቅደም ተከተል ይዩ።

ዝርዝሩ ላይ 1,200 ብር የመድን ክፍያም ነበር። ውሉን ሳየው አንድ ጊዜ የሚከፈል 1 በመቶ ተብሎ ፈርሜበታለሁ፤ ስለዚህ በአቤቱታዬ አላነሳሁትም። ትክክለኛ ክፍያን ከስህተቱ ጋር ቀላቅሎ ማቅረብ ክርክሩን ወደዚያ ያዞረዋል፤ ዋናው ነገርም ይረሳል።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ አንድ ገጽ ነው። ስድስቱን ወራት በሠንጠረዥ አስቀምጬ «የተያዘብኝ» እና «በውሉ መሠረት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አደረግኩ፤ የውሉን ገጽና የመጋቢቱን ደረሰኝ ቅጂ አያያዝኩ። ዋናዎቹን ከእጄ አላወጣሁም። የጠየቅኩት አራት ነገር ነው፦ ቅጣቱ እንዲሰረዝ፣ ትርፍ ወለዱ ከዋናው ብድር እንዲቀነስ፣ የወለዱ አሠራርና የመክፈያው ቀን በሲስተሙ ላይ እንዲስተካከል፣ ለዋሴም ውዝፍ እንደሌለብኝ በደብዳቤ እንዲገለጽለት።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ስህተቱን አምነው ተቀበሉ። የብድሩን ዓይነት ሲስተሙ ላይ መቀየር ግን የእሳቸው ሥልጣን አይደለም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚታረመው። ግልባጩ አስቀድሞ እዚያ መድረሱ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ባይሆን የሚቀጥለው መንገዴ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ የፋይናንስ ሸማቾችን ቅሬታ የሚቀበል ክፍል አለው። እዚያ ሲኬድም መጀመሪያ ለአበዳሪው በጽሑፍ አቤት መባሉን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ያ የገቢ ቁጥር ለዚህም ይሆናል። በክርክሩ መሃል ክፍያ ማቋረጥን አላሰብኩትም። ያን ጊዜ እውነተኛ ውዝፍ ይመጣል፤ ለዋሴም የምለው አይኖረኝም።

መልሱ ሚያዝያ 10 ሳይደርስ መጣ። በመዝገባቸው 92,850 የነበረው ቀሪ ዕዳዬ 2,850 ቅጣትና 1,125 ትርፍ ወለድ ተቀንሶለት 88,875 ሆነ። «ተስተካክሏል» በሚለው ቃል ብቻ ግን አልተመለስኩም፤ አዲስ የመክፈያ ሰሌዳ አሳትሜ የሚያዝያውን ወለድ እዚያው በስልኬ አሰላሁት። 88,875 በ1.5 በመቶ፣ 1,333 ብር። ሰሌዳውም ያንኑ ይላል፤ መክፈያ ቀኖቹም በየወሩ 10ኛው ቀናችን የሚውልበትን የፈረንጅ ቀን ተከትለው ተጽፈዋል። የአማቼን ደብዳቤ ማህተም አስደርጌ ራሴ ወሰድኩለት።