የሱቅ ኪራይን በጨርቅ ዋጋ ላይ አታስሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። እኔን ጨምሮ ሦስት ሰዎች እንሰፋለን። ዋጋ አወጣጥ የተማርኩት ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። እዚያ የተነገረን አንድ ስሌት ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል። እስካሁን ያናድደኛል፤ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እላለሁ።

የዕቃው ሒሳብ ቀላል ነው። ጨርቅ፣ ገበር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ይደመራል። ሥልጠናው ላይ "በገዛችሁበት ዋጋ ያዙ" ተባልን። ለመዝገብ ይሁን። ለመሸጫ ዋጋ ግን ዛሬ መርካቶ የሚጠየቀውን ያዙ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ገበሩን በድሮ ዋጋ አስልቶ የሸጠ ሰው በዚያው ብር ያንኑ ያህል መልሶ መግዛት አቃተው።

የጉልበቱም ቀላል ነው። ልብሱ የወሰደውን ሰዓት በሰዓት ክፍያ ማባዛት ነው፤ እኛ ዘንድ 90 ብር ነው። እኔ ራሴ የሰፋሁትንም በዚሁ አስባለሁ። "የባለቤቱ ደመወዝ ትርፉ ነው" የሚሉትን አትስሙ። ለራሳችሁ ሳትከፍሉ የቀረውን ትርፍ ካላችሁት፣ ሌላ ሰው ቀጥራችሁ ስታሰፉ ትርፍ የሚባል አይኖርም።

ጣጣው ያለው ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የተላላኪው ደመወዝ፣ የማሽን ጥገናና እርጅና ላይ ነው። እነዚህ ለየትኛው ልብስ እንደወጡ አይታወቅም፤ ግን ከልብሶቹ ዋጋ ላይ መመለስ አለባቸው። አሠልጣኙ "በዕቃው ዋጋ ላይ 30 በመቶ ጨምሩ፣ በቃ" አለን። ደንበኛ የራሱን ጨርቅ ይዞ ሲመጣስ? ብዬ ጠየቅሁት። "ያው ነው" ብሎ አለፈኝ።

ያው አይደለም። አንድ ሰው የራሱን ጨርቅ አምጥቶ ሙሉ ልብስ ያሰፋል እንበል። ከእኔ የሚወጣው ገበር፣ ማጠንከሪያ፣ ቁልፍና ክር 950 ብር ነው። 30 በመቶው 285 ብር ይሆናል። ኮትና ሱሪው ግን 14 ሰዓት ማሽንና ጠረጴዛ ይዘዋል። በአንጻሩ አንዲት ሴት የ4,000 ብር ጨርቅ ከእኔ ገዝታ በ3 ሰዓት የሚያልቅ ቀሚስ ስታዝዝ 1,200 ብር ይጫንባታል። እሷ ዋጋውን ሰምታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ጨርቅ ይዞ የሚመጣው ሁሉ እኔ ጋ ጎረፈ። መስቀያው በኮት ሞልቷል፣ እስከ ማታ እንሰፋለን፤ ኪራይ ሲደርስ ግን ብር የለም። ሥራ በዝቶ ገንዘብ ካጠረ፣ የሚመጣውም ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ስሌታችሁን ጠርጥሩ።

መፍትሔው ወጪውን በስፌት ሰዓት ማካፈል ነው። የእኛ ወጪ በወር 24,000፣ በዓመት 288,000 ብር ነው። ሰዓቱን ሱቁ ክፍት ከሆነበት ጊዜ አትውሰዱ። ሦስት ሰው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢባል 624 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያ ካካፈላችሁ ለሰዓት 38 ብር ገደማ ይወጣል። ግን መብራት ይጠፋል፣ ደንበኛ ይለካል፣ የተበላሸ ይፈታል። እያንዳንዱ ሰው ልብስ ሲጀምርና ሲጨርስ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። በአማካይ የወጣው በወር 400፣ በዓመት 4,800 ሰዓት ነው። ትክክለኛው ዋጋ እንግዲህ ለሰዓት 60 ብር ነው።

የዓመቱን መውሰድ ግድ ነው። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ የዚያን ወር ሰዓት ብቻ ብትይዙ ሰው በሌለበት ጊዜ ዋጋ ትጨምራላችሁ።

አሁን ያንን ሙሉ ልብስ እንደገና እንየው። ዕቃ 950፣ ጉልበት 14 በ90 ሲባዛ 1,260፣ የሱቁ ወጪ 14 በ60 ሲባዛ 840። ድምሩ 3,050 ብር ነው። 20 በመቶ ትርፍ፣ ማለትም 610 ብር ሲጨመር 3,660 ይሆናል። ቀሚሷ ላይ ደግሞ የሱቁ ወጪ ከ1,200 ወደ 180 ብር ወረደ። ቀሚስ አሰፊዎቹም ተመለሱ።

በየወሩ መጨረሻ የተሰፋውን ሰዓት በ60 አባዝቼ ከከፈልኩት ጋር አስተያያለሁ። ለወራት ከጎደለ ወይ ኪራይ ጨምሯል፣ ወይ ሰዓቱ ቀንሷል፤ ተመኑን እቀይራለሁ።

ደንበኛ ይከራከራል፣ "እዚያ ማዶ በ3,000 ይሰፋሉ" ይላል። ሁዳዴ ላይ ከሆነ እሺ እላለሁ፤ ዕቃውና ጉልበቱ 2,210 ብር ስለሆነ የቀረው 790 ብር ለኪራዩ ይረዳል፤ ባይሰፋም ኪራዩ አይቀርም። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ማሽኖቹ ሲያዙ ግን አንድ ብር አልቀንስም፤ እሱን ስቀበል 3,660 የሚከፍለውን ሌላ ሰው እመልሳለሁና።