ድምሩ ለምን ወረደ? ለሥራ አስኪያጃችን የጻፍኩት ኢሜይል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፉርሽካና ፋጉሎ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኞቻችን ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ ያሉ ከብት አርቢዎችና ባለሱቆች ናቸው። መዝገቡ ላይ አንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ገብቷል። አንዱ መዝጋቢ «ኃይለ ማርያም» ሲል ሌላው «ሀይለማርያም» ይጽፋል፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ስልኩም አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251 ይጀምራል። በ`=RIGHT(B2,9)` የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ወስጄ አመሳከርኩና የተደገመውን አጠፋሁ።

የጥር ሽያጭ ከ2,386,000 ብር ወደ 2,164,000 ወረደ። እኔም «የተደጋገሙ ደንበኞች ስለጠፉ ድምሩ ቀንሷል» ብዬ ላክሁ። ወዲያው ተደወለልኝ። «ታዲያ 222,000 ብሩ የት ገባ? ስም ሲሰረዝ ሽያጭ ይሰረዛል እንዴ?» እውነታቸውን ነው፣ የጻፍኩት ምንም አያስረዳም።

ሪፖርቱ ሽያጩን ከደንበኛ መዝገብ ጋር የሚያገናኘው በስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ 9 አሃዞች ነው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ከተመዘገበ አንዱ ሽያጭ ሦስት መስመር ይሆናል። የደብረ ሲናው ባለሱቅ በጥር የገዛው 18,000 ብር ነው፣ ሪፖርቱ ግን 54,000 ይላል።

ከዚያ የደረሰኞቹን ድምር ለብቻው ሠራሁ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። 2,150,000 መጣ። ካጸዳሁ በኋላም 14,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው! ግማሽ ቀን ፈለግሁት። መሐል ሜዳ ያሉ አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ነው የሚጠቀሙት። ሁለት ሰዎች ስለሆኑ አንዳቸውንም አላጠፋሁም፣ ግን የአንዱ ግዢ በሌላውም ስም ተቆጥሯል። ስለዚህ ማገናኛውን ከስልክ ወደ ደንበኛ መለያ ቁጥር ቀየርኩት። ከዚያ በፊት ግን በጠፉት መለያዎች የተመዘገቡ ሽያጮችን ወደቀሩት ማዛወር ግድ ነው፣ አለበለዚያ ድምሩ ከደረሰኙም በታች ይወርዳል። ይህን ስጨርስ ከደረሰኙ ጋር ልክ ገጠመ።

ሁለተኛው ኢሜይል እንዲህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። የጠፋ ገንዘብ የለም። የጥር ደረሰኞች ድምር 2,150,000 ብር ነው፣ የተስተካከለው ሪፖርትም ያንኑ ይላል። የበፊቱ በ236,000 ይበልጥ የነበረው አንዳንድ ሽያጭ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተቆጠረ ነው። ምሳሌ፦ 18,000 የገዛ ደንበኛ 54,000 ተብሎ ነበር። ያለፉት ወራትም በዚሁ መንገድ ስለተሠሩ እባክዎ ጥርን ከድሮው የታኅሣሥ ሪፖርት ጋር አያወዳድሩ። ከአንድ ጊዜ በላይ የተቆጠሩት ሽያጮች ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል።»

መልሳቸው አጭር ነበር፦ «አሁን ገባኝ። ከመስከረም ጀምሮ ያሉትንም አስተካክለህ ላክልኝ።» አሁን ኅዳር ላይ ደርሻለሁ፣ የየወሩን ደረሰኝ አስቀድሜ እየደመርኩ።