የስጦታ ጥቆማን በተቀባይና በበጀት ከፍሎ መጻፍ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። የኦንላይን ሱቅ የዕቃ መግለጫ ስጽፍ ቆይቼ ሰሞኑን ሙሉ ትኩረቴን ያደረግኩት በስጦታ ጥቆማ ላይ ነው። ማለቴ ዕቃዎቹ «ለማን» እና «በስንት» ተብለው የሚመደቡበት፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር አጭር መግለጫ የሚቀመጥበት ጽሑፍ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች እንድትጠቀሙበት አሠራሬን በአንድ ምሳሌ ይዤ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ልብ ያልኩት አንባቢው ማን እንደሆነ ነው። ተራ የዕቃ መግለጫ የሚያነበው ዕቃውን ራሱ የሚጠቀምበት ሰው ነው። የስጦታ ጥቆማ የሚያነበው ግን ገዢው እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። ስለ ዕቃው ብዙም ላያውቅ ይችላል፤ የሚያውቀው የሚሰጠውን ሰው ነው። ስለዚህ መግለጫው የሰውዬውን ጠባይ ወይም ልማድ ከዕቃው ጋር ማገናኘት አለበት። «ይህ ዕቃ ምን አለው» ከሚለው በፊት «የማውቀው ሰው ይህን ምን ያደርግበታል» የሚለው መመለስ ይኖርበታል።

ለዚህም ነው «ለአባት»፣ «ለእህት»፣ «ለጓደኛ» የሚሉ ክፍሎችን የተውኳቸው። ዝምድና ስለ ሰውየው ምርጫ ምንም አይነግረንም። አንዱ አባት ጓሮ ሲኮተኩት ይውላል፣ ሌላው ከመጽሐፍ አይለይም። አሁን ክፍሎቼን የምሰይመው ሰዎቹ በሚያደርጉት ነገር ነው፦ «በየቀኑ ማስታወሻ ለሚይዙ»፣ «አዲስ ቤት ለገቡ»፣ «መንገድ ለሚያበዙ» እያልኩ። «ለሚይዙ» ማለቴም ታስቦበት ነው። ግሳችን ጾታ ስለሚለይ «ለሚይዝ» ካልኩ ለሴት የሚገዛው ሰው ክፍሉን አልፎት ይሄዳል። በብዙ ቁጥር ከተጻፈ ወንድም ሴትም ይገቡበታል፣ ለታላቅ የሚገዛም ቢሆን አይከብደውም። ገዢውን ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» እላለሁ።

ወደ በጀቱ ስንመጣ፣ ሦስት እርከን ይበቃል ባይ ነኝ። በየትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ ጣሪያዎቹን 100፣ 250 እና 500 እንበላቸው። እያንዳንዱን ጣሪያ ከቀዳሚው ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። እርከኖቹ ከተቀራረቡ ገዢው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ያጣል። «ርካሽ» እና «ውድ» የሚሉ ቃላትን ከርዕስም ከመግለጫም አውጥቻለሁ። በዝቅተኛው ጣሪያ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ያማረ ስጦታ ነውና ቁጥሩን ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ምሳሌው። ክፍሉ «በየቀኑ ማስታወሻ ለሚይዙ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ በቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አንዱን የዕቃ ዓይነት በሦስት ዋጋ መደርደር ነው፤ ደካማ ብዕር፣ ደህና ብዕር፣ ምርጥ ብዕር። ይህን አልመርጠውም። በ100 የሚገዛው ሰው ከሥሩ ሁለት የተሻሉ ብዕሮች ተደርድረው ሲያይ የያዘው ስጦታ ጎዶሎ ይመስለዋል። የተሻለው መንገድ በየእርከኑ ሌላ ዓይነት ዕቃ ማስቀመጥ ነው፤ በዚያ ዋጋ በዓይነቱ ጥሩ የሆነውን ዕቃ። ስለዚህ በመጀመሪያው ጣሪያ ማስታወሻ ደብተር፣ በሁለተኛው ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ በሦስተኛው የደብተር የቆዳ መያዣ መረጥኩ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሰው ዘንድ ይሄዳሉ፣ ግን አይወዳደሩም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ብዕሩ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። ከአምራቹ የመጣው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«የአሉሚኒየም አካል፣ የብረት ጫፍ፣ ቀጭን መስመር፣ 20 ግራም፣ በካርትሬጅም በኮንቨርተርም የሚሠራ።»

ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ብዕር ለማያውቅ ገዢ አንዱም ቃል ወደ ውሳኔ አይወስደውም። መግለጫውን ከመንካቴ በፊት ያደረግኩት ነገር ዋጋውን መደመር ነበር። የብዕሩ ዋጋ 230 ነው እንበል፤ ከ250 በታች ስለሆነ በሁለተኛው እርከን ይቀመጣል። ነገር ግን ከጠርሙስ ቀለም ለመሙላት ኮንቨርተር ያስፈልጋል፤ ይህ ቀለሙን ስቦ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ሲሆን ከአንዳንድ ብዕሮች ጋር አብሮ አይመጣም። እሱ 25፣ የቀለሙ ጠርሙስ 50 ቢሆን ድምሩ 305 ይደርሳል፤ ስጦታው ከእርከኑ ወጣ ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቀለም ያለበት ካርትሬጅ ካለ ግን ተቀባዩ ሳጥኑን እንደከፈተ መጻፍ ይችላል፣ ብዕሩም በ230 ሙሉ ስጦታ ይሆናል። በእኔ ምሳሌ አንድ ካርትሬጅ ስላለው ባለበት አቆየሁት። ባይኖረው ኖሮ ወይ ወደ 500 አወጣው ነበር፣ ወይ ሌላ ብዕር እፈልግ ነበር።

ይህን ድምር ለእያንዳንዱ ዕቃ እሠራዋለሁ። ባትሪ፣ መሙያ፣ ማድረሻ፣ ዕቃው ያለ እነሱ የማይሠራ ማንኛውም ነገር ጣሪያው ውስጥ ይገባል። ቅናሽን ግን አልቆጥርም። 280 የሆነ ዕቃ ለአንድ ሳምንት 240 ስለሆነ ብቻ ሁለተኛው እርከን ውስጥ ካስገባሁት፣ ቅናሹ ሲያልቅ ገዢው ከጣሪያው በላይ የሆነ ዋጋ ይገጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ጥቆማዎችም አያምንም። በመደበኛ ዋጋው መድቤ ቅናሹን ለብቻው አነሳዋለሁ። በመግለጫው ውስጥም ትክክለኛ ዋጋ አልጽፍም፤ ዋጋ ሲለወጥ ማረም ያለብኝ የዋጋውን ቦታ ብቻ ይሆናል።

ዋጋው ከተረጋገጠ በኋላ የጻፍኩት ይኸው፦

«ብዙ ለሚጽፉና እስካሁን በእስክርቢቶ ብቻ ለሚሠሩ። ቀለሙ ወረቀቱን ሲነካ በራሱ ስለሚፈስ ብዕሩን መጫን አያስፈልግም፤ ገጽ በገጽ ሲጽፉ እጅ ቶሎ አይዝልም። ጫፉ ቀጭን ነው፤ ደቀቅ አድርገው ሲጽፉም የመ እና የወ ክቦች አይደፈኑም። አንድ ካርትሬጅ ሳጥኑ ውስጥ ስላለ ወዲያው መጻፍ ይጀመራል። በግራ እጅ ለሚጽፉ ሰው የሚሰጡት ከሆነ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይጨምሩበት፤ እጃቸው ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ስለሚያልፍ ጽሑፉ ይዝረከረካል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የክፍሉን ርዕስ አይደግምም፤ ያጠበዋል። ማስታወሻ ከሚይዙት ሁሉ መካከል የትኞቹ እንደሆኑ ይናገራል። ቀጥሎ አንድ ባሕርይ ከውጤቱ ጋር ይመጣል፤ ሁለት ካስፈለገም ሁለት፣ ከዚያ በላይ ግን አላበዛም። «የአሉሚኒየም አካል» እና «20 ግራም» ቀርተዋል፤ እነሱን የሚፈልግ ሰው የዕቃው ዋና ገጽ ላይ ያገኛቸዋል። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በመጨረሻም ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያጣራው የሚገባ አንድ ነገር ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን አንዳንድ ሱቆች ሽያጭ ያቀዘቅዛል ብለው ይሰርዙታል። እኔ እንዲቆይ እከራከራለሁ። ስጦታ ሳይስማማ ሲቀር ተቀባዩ አፍሮ ዝም ይላል፣ ገዢው ደግሞ የተበላሸውን ሳያውቅ ይቀራል። አስቀድሞ መናገር የምንችለው እኛ ብቻ ነን።

ደብተሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥራዙ በክር የተሰፋ ስለሆነ ተዘርግቶ ይተኛል፤ በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ግን በእጅ ካልተያዘ ተመልሶ ይዘጋል። ለሚጽፍ ሰው ከሽፋኑ ቀለም ይልቅ ይህ ስለሚበልጥ መግለጫውን የጀመርኩት በእሱ ነው። ወረቀቱንም በቀለም ብዕር ሞክሬ ወደ ጀርባ የማያሳልፍ ሆኖ ስላገኘሁት ጻፍኩት። የወረቀቱ ክብደት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ወፍራም ሆኖ ቀለም የሚመጥ ወረቀት አለ። ሳልሞክረው ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር።

የቆዳ መያዣው ደግሞ የልክ ጉዳይ አለበት። ኤ5 ወረቀት 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው፤ የደብተሩ ሽፋን ግን ከወረቀቱ ትንሽ ሊወጣ ይችላል። መያዣው «ለኤ5» ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ደብተር ይይዛል ማለት አይደለም። በመጀመሪያው እርከን ያስቀመጥኩትን ደብተር አስገብቼ ሞከርኩትና ገባ። ስለዚህ መግለጫው «በዚሁ ክፍል የጠቆምነውን ደብተር ይይዛል፤ ደብተሩ ግን አብሮ አይመጣም» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር የጠበቅኩትን ያህል ብቻ አልነበረም የጠቀመችው፤ ሁለቱን ዕቃ አንድ ላይ ለመስጠት የሚፈልግ ሰውም መንገድ አገኘ። ታዲያ ድምራቸው ከ500 በላይ ይሄድ እንደሆነ ማየት አይዘንጋችሁ፤ ካለፈ «አብረው ይስጡ» ማለት ገዢውን ከበጀቱ ማስወጣት ነው።

አንድ ክፍል ስጨርስ የማደርገው ፍተሻ አለኝ። መግለጫውን አንስቼ ወደ ሌላ ክፍል እወስደዋለሁ። የብዕሩን መግለጫ «መንገድ ለሚያበዙ» ሥር አስቀምጬ ሳነበው ያለምንም ማስተካከያ የሚስማማ ከሆነ፣ ለማንም አልተጻፈም ማለት ነው፤ እንደገና እጽፈዋለሁ። ያው ብዕር በእርግጥ ሁለቱም ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያን ጊዜ ግን ሁለት የተለያዩ መግለጫዎች ይኖሩታል። ለመንገደኛ ሲሆን ስለ እጅ መድከም ትቼ ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ መሆኑን፣ ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንደማይከፈት አነሳለሁ። ገዢው አስቀድሞ የሚያጣራው ነገርም ይለወጣል፤ በአውሮፕላን ለሚሄዱ ብዕሩ ቀለም እንዳያፈስ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ቢይዙት እንደሚሻል እነግራለሁ።

የትኛው ይቅደም፣ ተቀባዩ ወይስ በጀቱ፣ ለሚለው ጥያቄ፦ በተለምዶ ተቀባዩን አስቀድሜ በውስጡ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እሄዳለሁ፤ ገዢው ይዞ የሚመጣው ሰውን ነውና። አንድ ሁኔታ ግን ይህን ይገለብጠዋል። የሥራ ባልደረቦች በዕጣ ስጦታ ሲለዋወጡ ጣሪያው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ የሚደርሳቸውንም ሰው ብዙም ላያውቁት ይችላሉ። እዚያ በጀቱ ዋና ርዕስ ይሆንና ተቀባዮቹ በውስጡ ይከፈላሉ፤ ክፍሎቹም ላላ ማለት አለባቸው፣ «ጠረጴዛቸው ላይ ተክል ላላቸው» እንደሚለው፣ ባልደረባ በዓይኑ ሊያየው በሚችል ነገር።

አሁን እየታገልኩ ያለሁት «ሁሉ ነገር ላላቸው» የሚለው ክፍል ነው። ሱቆች አጥብቀው ይጠይቁታል፣ ነገር ግን ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ምንም ስለማይናገር ከላይ ያልኩት ፍተሻ አያልፍም። ለጊዜው እየሞከርኩ ያለሁት በሚያልቁ ነገሮች መተካት ነው፤ ቀለም፣ ሻማ፣ የደብተር መሙያ ወረቀት የመሳሰሉትን ይዞ «የያዙትን አዘውትረው ለሚጠቀሙ» ብሎ መሰየም። እናንተ ይህን ክፍል በምን ስም እንደምትጽፉት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።