ለአርባው ምን ይመችዎታል?

አያታችን ካረፉ በኋላ የአርባው ተዝካር ዝግጅት እኔና የአጎቴ ልጅ ላይ ወደቀ። ድግስ ስለምናውቅ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ መክፈት የምንችለው እኛ ስለሆንን ነው። ዘመዱ ደብረ ብርሃን አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ መሐል ሜዳ አለ፣ ግማሹ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

ግሩፑን መክፈት ቀላል ነው። ሥራ ማከፋፈሉ ነው ጣጣው። በእኛ ቤት ታናሽ ለታላቅ «እርስዎ ሽንኩርት ይክተፉ» ብሎ አይጽፍም። ባለፈው ገና አንዷ የአክስቴ ልጅ ስም ከነሥራው ዘርዝራ ብትለጥፍ፣ «አንቺን ደግሞ ማን ሾመሽ?» የሚል የድምፅ መልእክት መጣላት። ከጀርባ ዶሮ ይጮሃል። ዶሮውም የተቆጣ ይመስል ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ትሕትና የሞላበት መላ አመጣ፦ ድምፅ መስጫ። ማንም ማንንም አያዝም፣ ሁሉም የሚችለውን ይነካል። ጥያቄውን «ለአርባው ምን ይመችዎታል?» አልነው። ምርጫዎቹ ጠላ፣ እንጀራ፣ በርበሬና ቅመም፣ ሽንኩርት፣ ለስላሳ።

ማታ ውጤቱን አየን። ለስላሳ 14። እንጀራ 6። በርበሬ 2። ሽንኩርት ዜሮ። ጠላ 1።

ሽንኩርቱስ ይገባኛል። ጠላው ግን አስጨነቀን። ጌሾው መጠንሰስ አለበት፣ ደረቆቱ መጋገር አለበት፣ ብቅሉ ተጨምሮ መደፍደፍ አለበት፤ በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ መፍላቱን ያዘገየዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልጀመረ ሰው ለአርባው የሚያደርሰው ውሃ ነው። እና ያ አንድ ሰው ማነው? ስሙን ለማየት ብንነካው አይታይም። ቴሌግራም ድምፅ መስጫ ሲሠራ ካልከለከሉት በቀር የሰጪውን ስም ይደብቃል። ጥያቄውም አንዴ ከሄደ አይታረምም፤ ዘግቶ ሌላ መላክ ብቻ ነው።

«ጠላውን የያዙልን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ማን እንደሆኑ ቢነግሩን?» ብለን ጻፍን። ዝም። ሁሉም አነበበ፣ ማንም አልመለሰም። የአጎቴ ልጅ በ@ ስም እየጠራ ሊጠይቅ ሲል እጁን ያዝኩት። ታላቅን ሰው በግሩፕ መሐል በስሙ መጥራት ገበያ መሐል ቆሞ ባለዕዳን እንደ መጣራት ነው። በግል መደወል ይሻላል።

ደወልን። በመጨረሻ ደብረ ሲና ያሉት ጋሼ ተገኙ።

«አዎ፣ ጠላ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለስላሳ ለሆዴ አይስማማኝም።»

እንግዲህ ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ጋሼ የሚጠጡትን ነው የመረጡት። 14ቱም ለስላሳ ባዮች አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። ትእዛዝ እንዳይመስል ብለን ጥያቄውን እያለሳለስን አስተናጋጅ ሆነን አረፍነው።

በማግስቱ ወደ እትዬ ሄድን። እትዬ የቤቱ ታላቅ ናቸው፤ ስልካቸው የሚደውልና የሚነሣ ብቻ ነው። ነገሩን ሰምተው ሳቁና «ቅጃ» አሉኝ። ስልኬን አፋቸው ጋ አስጠጋሁ።

«እንግዳው ከመቶ አያንስም። ለሰው ሁለት እንጀራ፣ ለትርፍ ሃምሳ። አምስት ቤት ሃምሳ ሃምሳ ይጋግር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይድረስ። ጠላው በእኔ ነው፣ ጌሾና ብቅል የመሐል ሜዳዎቹ ይላኩ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ። ሽንኩርት ወጣቶቹ ዓርብ ማታ እዚሁ መጥታችሁ ትከትፋላችሁ። ድንኳንና ሳህን ከእድሩ ነው።»

«እባካችሁ» የለ፣ «ቢመቻችሁ» የለ። ግሩፑ ላይ ለቀቅነው። «እሺ እትዬ» ይዘንብ ጀመር። አምስቱ ቤት የማን የማን ነው ተብሎ እንኳ አልተጠየቀም፤ እነሱው «ሃምሳው በእኔ» እያሉ ጻፉ። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር «እትዬ እንዳሉት» ብለን ከላይ ጀምረን፣ በገዛ አፉ «በእኔ» ያለውን ሰው ብቻ ከነመጠኑና ከሚያደርስበት ቀን ጋር ጽፈን ግሩፑ አናት ላይ መስቀል ነው። ለሽንኩርቱ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር። የራስን ስም ከከባዱ ሥራ ጎን ቀድሞ የጻፈን ሰው ማን ሾመህ የሚለው የለም።

ተዝካሩ በሰላም ወጣ። ጥያቄውን በትክክል የተረዱ ጥቂት ሰዎችም ነበሩና ለስላሳው በሣጥን በሣጥን መጥቶ እስካሁን ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል።

አሁን ግሩፑ ለፋሲካ እየተሟሟቀ ነው። ትናንት ጋሼ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ላኩ፦ «ለፋሲካ እኔ ጠላ።» ሊያመጡ ይሁን ሊጠጡ፣ ለመጠየቅ እስካሁን የደፈረ የለም።