ቀለበቱን ለማጥፋት ሙሉ ጫማውን ማርጠብ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መንገዱ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ለእኛ ለጫማ አዳሾች ሁለቱም እንጀራ ናቸው። በሐምሌ ግን ከሁሉም የሚያስቸግረን ሱዊድ፣ ፊቱ ፀጉራም የሆነው የቆዳ ጫማ ነው።

አንድ ወጣት ደንበኛ ግራጫ ሱዊዱን በፌስታል ይዞ መጣ። ታክሲ ሲጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ውኃ ረጭቶበት አልፏል። ቢሮ ሲገባ የቆሸሸችውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ሶፍት ፈተጋት። ሲደርቅ ጠርዙ የጠቆረ ቀለበት ቀረ። ይባስ ብሎ የሌላኛው እግር አፍንጫ ላይ የወጥ ዘይት ጠብ ብሎበታል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግራጫ ክሬም እንቀባው አለ። አለቃችን ከእጁ ነጠቁት። «ክሬም ሰም አለው። የሱዊዱን ፀጉር እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። አንዴ ከገባ አይወጣልህም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሊስትሮ ጋ ሄዶ አብረቅርቆ የተመለሰ ሱዊድ እስከ መጨረሻው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ለደንበኛው «ሁለቱንም እግር ሙሉ በሙሉ እናረጥበዋለን» አሉት።

ደንበኛው ደነገጠ። «ጋሼ፣ ውኃ አይደል እንዴ ያበላሸው?»

«ውኃው አይደለም፣ ግማሹ መርጠቡ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ቆዳው ውስጥ ያለውን አቧራና ቀለም እየሰበሰበ ወደ እርጥቡ ዳር ይወስደዋል። ዳሩ ላይ ሲደርቅ ጥሎት ይሄዳል። ቀለበቱ የሚሠራው እዚያ ነው፣ ብሩሽ ብቻውንም አያነሳውም። ጫማው ሙሉ ለሙሉ እኩል ከረጠበ ግን እርጥብና ደረቅ የሚለያይበት ዳር አይኖርም። አንዱን እግር ብቻ ማርጠብም አይሆንም፤ ሲደርቅ የጥንዱ ቀለም ሊለያይ ይችላል።

ውኃው ግን የመጀመሪያ ሥራ አይደለም። አቧራው ሳይራገፍ ከረጠበ ወደ ጭቃነት ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በደረቁ ብሩሽ ተደረገ፣ ስፌቱና ሶሉ የሚገናኝበት ቦታ ሳይቀር። ጭቃ ያለበት ጫማም ቢሆን እንደረጠበ አይነካም፤ ደርቆ እስኪፈረፈር ይጠበቃል።

ቀጥሎ ዘይቱ። የዘይት ነጠብጣብ ከውኃ በቀላሉ ይለያል። የውኃው ዳሩ ሲጠቁር የዘይቱ መሃሉ ይጠቁራል፣ ፀጉሩም ይጣበቃል። ነጭ ሶፍት ቢጫኑበት ቅባት ይተዋል። ሽታ የሌለው ታልክ ፓውደር ቆለል አድርገንበት አሳደርነው። ፓውደሩ ዘይቱን ይመጠዋል። በማግሥቱ ጠረግነውና እንደገና ደገምነው። ዘይት ካለበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ውኃ ማፍሰስ ወይም መፈተግ ግን ወደ ውስጥ ይሰደዋል።

ከዚያ ምላሱ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገን ቀለሙ እንደማይለቅ አየን። ቢለቅ ኖሮ እዚያው እናቆም ነበር። ስላልለቀቀ ንጹሕ ውኃ የነካ እስፖንጅ ጨምቀን ሁለቱንም እግር ከላይ እስከ ታች እኩል አረጠብን። ማርጠብ ማለት መንከር አይደለም፤ ፊቱ ሁሉ እኩል እስኪጠቁር ነው።

ውስጡን በነጭ ወረቀት ሞላን። ጋዜጣ ለነጣ ጫማ አይመከርም፣ ቀለሙ ሊጋባ ይችላል። ወረቀቱ ሲርስ ይቀየራል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ለመቸኮል ከሰሉ አጠገብ ላድርገው ቢል አለቃችን በዓይናቸው ብቻ መለሱለት። በእሳት የደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል፣ ይደርቃል። ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ያነጣዋል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ባለበት አሳደርነው። ክረምት ስለሆነ ሁለት ሌሊት ፈጀ።

ሲደርቅ ጠንከር ብሎ ነበር። ይህ አያስፈራም። ብሩሹን በወዲህም በወዲያም ስናስኬደው ፀጉሩ ተነሣ፣ በመጨረሻ በአንድ አቅጣጫ አስተኛነው። ተረከዙ ላይ ያንጸባረቀችውን ትንሽ ቦታ ነጭ ላጲስ ፈታልን። ኑቡክ ቢሆን ኖሮ ግን እጃችን ይለሰልስ ነበር። ሱዊድ ከቆዳው የውስጥ ፊት የሚነሣ ፀጉር ነው። ኑቡክ የውጭው ፊት በስሱ ተፍቆ የሚወጣ ስለሆነ ፀጉሩ አጭር ነው፣ የሽቦ ብሩሽ ጭረት ይተውበታል።

ቀለበቱ ጠፋ። የዘይቱ ቦታ በቅርበት ለሚያይ ሰው ጥላ አለው፣ ይህንንም ደብቀን አልሰጠንም። ደንበኛው ውኃ የሚከላከል ስፕሬይ ጠየቀ። ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስስ አድርገን ነፋንለት፣ ሲደርቅ ደገምን።

«አሁን ጭቃ ውስጥ ልግባበት?» አለ።

«ጠብታውን ያንከባልልልሃል እንጂ ቦት ጫማ አያደርግልህም» አሉት አለቃችን፣ ሂሳቡን እየተቀበሉ።