ለገና የሸጥኩት ገንዘብ የት እንደቆመ ያወቅኩበት መንገድ

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ የገና ዋዜማ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዬ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ድርም ማግም አልቋል፤ የሠራሁትንም አልከፈልሽኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ወር ሸጬ አላውቅም፤ በባንክ ሂሳቤ ውስጥ ግን ለእርሳቸው የምከፍለው አልነበረም። ገንዘቡ ደንበኞች የሚከፍሉትን ተቀብሎ ወደ ባንኬ በሚልከው ድርጅት፣ በክፍያ ጌትዌዩ ውስጥ ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አልጠቀመኝም። ወደ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ደውዬ «ገንዘቤን መልሱልኝ» አልኩ። «ጉዳዩን እያየነው ነው» ተባልኩ። ማግስቱን በዓል ነውና ከዚያ በላይ የሚያናግረኝ አላገኘሁም። የዕቁባችንን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን ከሌላ ሰው ጋር አቀያየሩልኝና ሸማኔውን ከፈልኩ። ከዚያ በበዓሉ ዕለት፣ እንግዶች ከሄዱ በኋላ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከጌትዌዩ የሂሳብ ገጽ ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 ያለውን የሽያጭ ዝርዝር አወረድኩ፤ በጎኑ የባንኬን መግለጫ አደረግኩ። ሽያጩ 296,000 ብር ነበር። ባንክ የገባው 74,000። ስለዚህ 222,000 ብር ጠፋብኝ ብዬ ነበር፤ ይህ ግን ስህተት ነው። ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ በውላችን መሠረት 2.5 በመቶ ይቀንሳል። ይህም 7,400 ብር ነው። በእርግጥ የሚጎድለኝ 214,600 ብር ሆኖ ተገኘ። ይህን ልዩነት ሳላውቅ ብከራከር ኖሮ፣ የመጀመሪያው መልሳቸው «ሂሳብሽ ትክክል አይደለም» የሚል ይሆን ነበር።

ከዚያም እያንዳንዱን ክፍያ በመለያ ቁጥሩ ስከታተል፣ አንድ ችግር የመሰለኝ ነገር ሦስት የተለያዩ ችግሮች መሆኑ ታየኝ። ለሁሉም ያንኑ አቤቱታ ማቅረቤ ትልቁ ጥፋቴ ነበር።

የመጀመሪያው 38,400 ብር ጭራሽ ችግር አልነበረም። ድርጅቱ ገንዘቡን ወደ ባንክ የሚልከው ከሁለት የሥራ ቀናት በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲያ የተከፈለ ደግሞ እንደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ክፍያ ይቆጠራል። ታኅሣሥ 25 ዓርብ ማታ የተከፈለው እንደ ሰኞ ክፍያ ተያዘ፣ ማክሰኞ ገና ሆነ፣ ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት። ደንበኛዬ ከከፈለች በስድስተኛው ቀን፣ ጥር 1 ገባልኝ። ለበዓል የምንሸጥ ሰዎች ብዙ ገንዘብ የምናገኘው፣ ባንክ በሚዘጋበት ሰሞን መሆኑን ከዚያ በፊት በቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው 61,250 ብር ታኅሣሥ 18 ተልኮ የከሸፈ ነው። በሂሳብ ገጹ ላይ ከጎኑ `Failed` የሚል በቀይ ተጽፎ ቆይቷል፤ እኔ የማየው ግን ከላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ነበር። ምክንያቱ ስሜ ነው። በዚያው ሳምንት ገንዘብ የሚገባበትን ሂሳብ ለቤቴ ወደሚቀርብ ሌላ ባንክ ቀይሬ ነበር። በጌትዌዩ የአባቴ ስም `Hailu` ተብሎ ሲመዘገብ፣ አዲሱ ባንክ `Haylu` ብሎ ጽፎታል። በአማርኛ ኃይሉ አንድ ነው፤ ስም ለሚያነጻጽር ማሽን ግን ሁለት ሰው ነው። የማስጠንቀቂያው ኢሜይልም የተላከው ሱቁን ሲከፍትልኝ ወንድሜ ወዳስመዘገበውና ማንም ወደማያየው አድራሻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከሸፈ ክፍያ ሲያጋጥም ወዲያው ድጋሚ ላኩ ማለት ጥሩ አይደለም። ገንዘቡ ወደ ጌትዌዩ ተመልሷል ወይስ መንገድ ላይ ነው የሚለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እኔ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና የከሸፈበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ቁጥሩን ይዤ ባንክ ሄድኩ፤ እንዳልደረሳቸው አረጋገጡልኝ። ስሙን ከባንክ ደብተሬ ፊደል በፊደል ገልብጬ አስተካከልኩና መጀመሪያ 100 ብር ብቻ እንዲላክ አደረግኩ። ሲገባ ቀሪውን አስላክሁ።

ሦስተኛው ድርጅቱ ተጠራጥሮ የያዘው 114,950 ብር ነው፤ ያስለቀሰኝም እርሱ ነው። ዘጠኝ ትዕዛዞች ናቸው፤ ሁሉም በውጭ አገር ካርድ የተከፈሉ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ እህቶቻችን ከፍለው፣ ቀሚሱ አዲስ አበባ ላሉ እናቶቻቸው ይደርሳል። ለእኛ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ነገር የለም። ከድርጅቱ በኩል ሲታይ ግን በወትሮው በአንድ ትዕዛዝ አራት ሺህ ብር ገደማ የሚሸጥ ሱቅ በድንገት የአሥራ ሁለት ሺህ ሽያጭ አበዛ፤ የካርዱ ባለቤት ስምና የተቀባዩ ስም አይገናኝም፤ ካርዱ ባሕር ማዶ፣ ዕቃው እዚህ። የተሰረቀ ካርድም ይህንኑ ይመስላል። በቪዛ ካርድ ደንብ ደግሞ የካርድ ባለቤት በብዙ ምክንያቶች እስከ 120 ቀን ድረስ ክፍያውን ተቃውሞ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ እኔ ገንዘቡን ወስጄ ከሆነ ከፋዩ ድርጅቱ ነው። በዚያ ላይ በእጃቸው ያለው የንግድ ፈቃዴ ያለፈው ዓመት ነበር። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ እኔም እንደ ብዙ ነጋዴ እስከ መጨረሻው ሳምንት አቆይቼው ነበር።

መጀመሪያ አርባ ያህል ፎቶ በአንድ ኢሜይል ላክሁ። መልስ አልመጣም። በኋላ ዘጠኝ መስመር ያለው ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ የክፍያው መለያ ቁጥር፣ መጠኑ፣ የከፋይዋ ስም፣ የተቀባይዋ ስም፣ የተረከበችበት ቀን። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ፋይል አያያዝኩ፤ በውስጡ ከደንበኛዋ ጋር የተጻጻፍነውና ተቀባይዋ የፈረመችበት የርክክብ ወረቀት አለ። የታደሰውን ፈቃድ ጨመርኩ። ለክፍያ ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ በመሆኑ የአቤቱታ ደብዳቤም አዘጋጅቼ ነበር፤ መላክ ግን አላስፈለገኝም። በስድስት የሥራ ቀናት ውስጥ የሰባቱ ትዕዛዞች 88,900 ብር ተለቀቀ።

ስምንተኛው 14,250 ብር ቀሚሱ ለግቢ ጥበቃ ተሰጥቶ ፊርማ ስላልነበረው ቆየ፤ ተቀባይዋ ራሳቸው በስልክ ካረጋገጡ በኋላ ተለቀቀ። ዘጠነኛውን ግን የደንበኛዬ ባለቤት ተቃውሞት ነበር። በካርድ መግለጫው ላይ የወጣው በፈቃዴ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው፤ እነርሱ የሚያውቁት ደግሞ የሱቁን ስም። «እህቴ፣ እኛው ነን» ብዬ ጻፍኩላት፤ ደንግጣ ወደ ባንኳ ደውላ ተቃውሞውን አነሳች፤ ሂደቱ ግን ከተጀመረ ወዲያ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

አሁን ደረሰኙ ላይ «በካርድ መግለጫዎ ላይ የሚታየው ስም ይህ ነው» የሚል መስመር አለ። ያለ ፊርማና ያለ ተቀባይዋ ስልክ ቁጥር ዕቃ አይወጣም። ፈቃዴን ነሐሴ ውስጥ አድሳለሁ፤ ከትልቅ በዓል ሦስት ሳምንት በፊትም ሽያጩ እንደሚጨምር ለድርጅቱ እጽፋለሁ። ዘወትር ዓርብ ሽያጩን ከባንክ መግለጫው ጋር አስተያያለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሸማኔዎቹን ገንዘብ ግን ከእንግዲህ በጌትዌይ ውስጥ ካለ ሂሳብ ላይ አልቆጥርም፤ ባንክ የገባውን ብቻ ነው ቃል የምገባላቸው።

የዘጠነኛዋ ትዕዛዝ 11,800 ብር መጋቢት 4 ቀን ገባ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለፋሲካ የሚሆን ድርና ማግ ገዝቼ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።